አራት መብራት በርቷል፤ የትኛው ነው መኪናውን የሚያቆመው?

ፎቶው የተነሳው ከዱከም አልፎ ገላን ሳይደርስ፣ መንገድ ዳር በቆመ መኪና ውስጥ ነው። መኪናው በፈረንጆቹ የ2004 ሞዴል ቶዮታ ኮሮላ ነው፤ የላከልኝ ደግሞ ከቢሾፍቱ ወደ አዲስ አበባ ይመለስ የነበረው የእህቴ ልጅ። ጋራዥ ትቼ መጻፍ ከጀመርኩ ወዲህም እንዲህ ያለ ፎቶ የሚልክልኝ ሰው አልጠፋም። አብዛኛው ጊዜ በትንሽ ነገር የደነገጠ ሰው ነው። የዚያን ቀን ግን ነገሩ ተገልብጦ መደንገጥ ሲገባው ያልደነገጠ ሰው ነበር የላከው።

ዳሽቦርዱ ላይ አራት መብራት በርቷል። በቀይ ክብ ውስጥ ቃለ አጋኖ አለ። ቀበቶ ያሰረ ሰው በቀይ ይታያል። ቢጫ የሞተር ቅርጽ አለ፤ ሁሉም ሰው ቼክ ኢንጂን የሚለው። ከዳር ደግሞ ቀይ ባትሪ በርቷል። ከፎቶው ሥር እንዲህ ብሎ ጽፏል፦ «አጎቴ፣ ባትሪው የሞተ ይመስለኛል። መሪውም ከበድ ብሎኛል። ቀስ እያልኩ ቃሊቲ ልድረስና አስቀይረዋለሁ፤ ችግር አለው?»

መልስ ከመጻፍ መደወል ይሻላል ብዬ ደወልኩና «ሞተሩን አሁኑኑ አጥፋው፣ አንድ ሜትር እንዳትነዳ» አልኩት። እሱ ግራ ገባው። ለባትሪ ሲባል መኪና እንዴት መንገድ ላይ ይቆማል? ያልኩትን ያልኩት ግን ለባትሪው ብዬ አልነበረም። ፎቶው ላይ መብራት ያልሆነ ነገርም ስለሚታይ ነው።

እንዲህ ያለ ፎቶ ሲደርሰኝ መጀመሪያ የማየው መብራቶቹን አይደለም። የሞተር ዙር የሚቆጥረውን መርፌ ነው። መርፌው ዜሮ ላይ ከሆነ ሞተሩ አይሠራም ማለት ነው፤ ሞተሩ ካልሠራ ደግሞ የበራው ሁሉ ምንም ላይናገር ይችላል። ቁልፉን ሞተር ሳታስነሱ አንድ ደረጃ ወደፊት ስታዞሩት መኪናው ራሱን ይፈትሻል፤ የዘይቱም፣ የባትሪውም፣ የቼክ ኢንጂኑም፣ የኤቢኤሱም፣ የኤርባጉም መብራት አንድ ላይ ቦግ ይላል። አንዳንዶቹ በሦስትና አራት ሰከንድ ውስጥ ይጠፋሉ። የዘይቱና የባትሪው ግን ሞተሩ እስኪነሳ ድረስ መጥፋት የለባቸውም፤ ሞተር ካልዞረ የዘይት ግፊትም የለም፣ ዲናሞውም ኤሌክትሪክ አያመነጭም። ስለዚህ መኪናው መንገድ ላይ ድንገት ጠፍቶበት «ዘይቱና ባትሪው አንድ ላይ ተበላሹ» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ የሚያየው የችግሩን ውጤት ነው። ሞተሩ ስለቆመ በሩ እንጂ እነሱ ስለበሩ አልቆመም። ሞተሩን ያቆመው ሌላ ነገር ነው፤ ነዳጅ ሊሆን ይችላል፣ ሴንሰር ሊሆን ይችላል።

በእህቴ ልጅ ፎቶ ላይ መርፌው ከ1 ቁጥር ትንሽ ዝቅ ብሎ ቆሟል። የቁጥሩ መለኪያ በሺህ ስለሆነ ሞተሩ በደቂቃ ሰባት ስምንት መቶ ዙር ያህል እየዞረ ነው፤ በሚኒሞ ላይ አለ ማለት ነው። ስለዚህ የበሩት መብራቶች እየተናገሩ ነው። የትኛው ምን እንደሚል መለየት ነው የቀረው።

ቀለም ግማሹን ሥራ ያቃልላል። ምልክቶቹ በዓለም አቀፍ መለኪያ የተስማሙ በመሆናቸው ጃፓን የተሠራው ላይም፣ ጀርመን የተሠራው ላይም ቅርጻቸው ያው ነው። ቀይ «ቁም ወይም አሁን እየኝ» ነው። ቢጫ «ቶሎ አስመርምረኝ» ይላል። አረንጓዴና ሰማያዊ አንድ ነገር መሥራቱን ብቻ ይነግሩናል። ይሁን እንጂ ቀለም ብቻውን አይበቃም፤ በዚሁ ፎቶ ላይ ሦስት ቀይ መብራት አለ፣ ከሦስቱ ሁለቱ ምንም አይደሉም።

ቃለ አጋኖ ያለበት ክብ የፍሬን መብራት ነው። የእጅ ፍሬን ሲሳብም፣ የፍሬን ዘይት ሲያንስም የሚበራው ይኸው አንድ መብራት ነው። ልጁ መንገድ ዳር ቆሟል፤ የእጅ ፍሬኑን ስቦታል። «ልቀቀውና እየው» ስለው ጠፋ። ቀበቶ ያሰረው ሰው ደግሞ ወርዶ ጎማ ለማየት ቀበቶውን ስለፈታ ነው የበራው። ቢጫው ቼክ ኢንጂን ከበራ ወራት አልፎታል፤ እሱም ያውቀዋል፣ እኔም አውቀዋለሁ፣ ነገ ዛሬ ሲል የቆየ ነው። የቀረው ባትሪው ነው።

የባትሪው ምልክት ስሙ ሰውን ያሳስታል። ባትሪው ሞቷል አይልም። «ባትሪው እየተሞላ አይደለም» ነው የሚለው። ሞተሩ በሚሠራበት ጊዜ የመኪናውን ኤሌክትሪክ የሚያመነጨውም፣ ባትሪውን የሚሞላውም ዲናሞው ነው። ጤነኛ ዲናሞ ባለበት መኪና ሞተሩ እየሠራ ባትሪው ጫፍ ላይ ቢለካ ወደ 14 ቮልት ገደማ ይገኛል፤ ሞተሩ ሲጠፋ 12.6 አካባቢ ይወርዳል። መብራቱ የሚበራው ዲናሞው ማመንጨት ሲያቆም ነው። ዲናሞውን የሚያዞረው ደግሞ ቺንጋ ነው፤ ሞተሩ ፊት ላይ ከፑሊ ወደ ፑሊ እየተጠማዘዘ የሚሮጠው ጥቁር የጎማ ቀበቶ።

ነገሩ የሚከፋው እዚህ ላይ ነው። በዚህ ኮሮላ ላይ ያው አንድ ቺንጋ የሚያዞረው ዲናሞውን ብቻ አይደለም። የመሪውን ፓምፕም፣ የኤሲውን ኮምፕሬሰርም፣ የውሃ ፓምፑንም እሱው ነው የሚያዞራቸው። ልጁ ደግሞ «መሪው ከበደኝ» ብሏል። ባትሪ ቢሞት መሪ አይከብድም፤ የዚህ መኪና መሪ የሚታገዘው በዘይት ፓምፕ ነውና። ዲናሞውና የመሪው ፓምፕ በአንድ ደቂቃ ውስጥ እኩል ከቆሙ ሁለቱም የተበላሹበት ዕድል ትንሽ ነው፤ ሁለቱን የሚያዞረው ነገር ተበጥሷል። ያ ከተበጠሰ ደግሞ የውሃ ፓምፑም ቆሟል ማለት ነው። ውሃው ከሞተር ወደ ራዲያተር አይሄድም፣ ቀዝቅዞም አይመለስም።

አሁን የሙቀቱን መርፌ እዩ። በዚህ መኪና ላይ ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ መርፌው መሐሉ አካባቢ ይቆምና ከዚያ አይነቃነቅም፤ ዳገትም ይሁን ሜዳ ያው ነው። ፎቶው ላይ ግን ከመሐል አልፎ ከ«C» ወደ «H» የሚወስደውን መንገድ ሦስት አራተኛ ያህል ሄዷል። ገና ቀይ የሙቀት መብራት አልበራም። ልጁ ያን መርፌ አላየውም፤ ዓይኑን የያዙት የበሩት መብራቶች ናቸው። ቃሊቲ ድረስ ቢነዳው ግን ከመንገዱ ግማሽ ሳይደርስ ቴስታታው ይጣመም ነበር። ከዚያ በኋላ ወጪው የቺንጋ አይደለም፤ ሞተር የማስፈታት ነው።

ኮፈኑን ሲከፍት ቺንጋው የለም። የተበጣጠሰ ጎማ ከታች ተንጠልጥሏል። መኪናው ተጎትቶ ጋራዥ ገባ። መካኒኩ ጎበዝ ሰው ነበር፤ አዲስ ቺንጋ ከመግጠሙ በፊት ፑሊዎቹን አንድ በአንድ በእጁ አዞራቸው። ቺንጋውን የሚወጥረው ፑሊ ሲዞር ያጉረመርማል፣ ለመዞርም ያቅማማል፤ ኩሽኔታው አልቋል። ቺንጋው አርጅቶ አልነበረም፤ ያ ፑሊ አልዞር እያለ ሲፈትገው በልቶት ነው። ፑሊው ሳይቀየር ቺንጋ ብቻ ቢገጠም ኖሮ ከጥቂት ቀን በኋላ ያው ፎቶ እንደገና ይላክልኝ ነበር። ቺንጋ የበጠሰ ሰው ሁሉ መካኒኩን «ፑሊዎቹን አዙረህ አየኻቸው?» ብሎ ቢጠይቅ ነውር የለውም።

የባትሪ መብራት ሁልጊዜ ሞተር ያስጠፋል ማለት ግን አይደለም፤ እንዲያውም አንዳንዴ ሞተሩን ማጥፋት ነው ስህተቱ። ኮፈኑን ከፍታችሁ ቺንጋው በቦታው እየዞረ ካገኛችሁት፣ መሪው ካልከበደ፣ የሙቀቱም መርፌ ከቦታው ካልተነሳ የሞተው ዲናሞው ራሱ ነው። ይሄኔ መኪናው የሚሄደው ባትሪው ውስጥ ባለው ብቻ ነው። ካጠፋችሁት መልሶ ላይነሳ ይችላል። ኤሲውን፣ ሬዲዮኑን፣ የስልክ ቻርጀሩን፣ ቀን ከሆነ መብራቱንም አጥፉና ሳታቆሙ ቅርብ ወዳለ ጋራዥ ሂዱ። ደህና ባትሪ በቀን ግማሽ ሰዓት ሊያደርስ ይችላል፤ አንዳንዱ ከዚያም ያልፋል። ማታ የፊት መብራት፣ ዝናብ ሲሆን መጥረጊያ ሲጨመርበት ግን በጣም ያጥራል። ኮፈን ስትከፍቱ እጃችሁን ከራዲያተሩ ማራገቢያ አርቁ፤ በኤሌክትሪክ የሚዞረው ማራገቢያ ሞተር ከጠፋ በኋላም በድንገት ሊነሳ ይችላል።

ስለ ሙቀት ትንሽ ልቆይ፤ የደጋ ሾፌር ከሌላው በላይ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ ድስት ላይ የተጣደ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ አይደለም፤ 92 አካባቢ ሲደርስ ነው። የመኪና ሞተር ጤናማ ሙቀት ደግሞ ወደ 90 ዲግሪ ገደማ ነው። ታዲያ ራዲያተሩ ውስጥ ያለው ውሃ ለምን አይፈላም? የራዲያተሩ ክዳን ውሃውን በግፊት አምቆ ስለሚይዘው ነው። ክዳኑ ላይ «0.9» ወይም «1.1» የሚል ቁጥር ይጻፋል፤ ይህን ያህል ግፊት ሲይዝ ውሃው ከ110 ዲግሪ በላይ እስኪደርስ አይፈላም። የክዳኑ ጎማ ሲያረጅ ግፊቱ ያመልጣል፣ ውሃውም በጤናማው የሞተር ሙቀት ላይ መፍላት ይጀምራል። አዳማ ወርዶ ምንም ያልሆነ መኪና እንጦጦ ሲወጣ የሚግለው አንዳንዴ በዚህች ርካሽ ክዳን ምክንያት ነው። ራዲያተር ከማስፈታት በፊት ክዳኑን ቀይሮ ማየት ብልህነት ነው።

ይኸው ግፊት ነው የጋለ ራዲያተር ክዳን የማይከፈትበት ምክንያት። ክዳኑ ሲላላ ግፊቱ በአንድ ጊዜ ይወርዳል፤ ከመቶ ዲግሪ በላይ ያለው ውሃ በቅጽበት እንፋሎት ሆኖ ፊት ላይ ይወጣል። ቀዩ የሙቀት መብራት ሲበራ ዳር ይዛችሁ ሞተሩን አጥፉ፣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። የራዲያተሩ የላይኛው ጎማ ቱቦ በእጅ ሲነካ የሚያስደነግጥ ሙቀትና ጥንካሬ ሲያጣ ያኔ ክዳኑን በጨርቅ ይዞ ቀስ ብሎ መክፈት ይቻላል። የሚጨመረውም ውሃ በአንድ ጊዜ ተዘርግፎ አይደለም፤ ቀዝቃዛ ውሃ የጋለ ቴስታታ ላይ ሲደርስ ብረቱን ሊሰነጥቀው ይችላል። ዳር መያዣ እስክታገኙ ጥቂት መቶ ሜትሮች መሄድ ግድ ከሆነ ኤሲውን አጥፍታችሁ የሙቅ አየሩን እስከ ጥግ ክፈቱት። ያስልባችኋል፣ ግን ከሞተሩ ሙቀት ይቀንሳል።

ቪትዝ የሚነዱ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለባቸው። ብዙው ቪትዝ የሙቀት መርፌ የለውም፤ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ሰማያዊ መብራት፣ ሲግል ቀይ መብራት ነው ያለው፣ በመካከላቸው ምንም የለም። ስለዚህ ከላይ ያልነው ዓይነት የመርፌ መነሳት አያዩም፤ ቀዩ ሲበራ ነገሩ ገፍቷል ማለት ነው። መርፌ ያላቸውም መርፌውን በጭፍን አይመኑት። ሴንሰሩ የሚለካው የነካውን ውሃ ነው። ውሃው በቱቦ መፈንዳት ሙሉ በሙሉ ከወጣ ሴንሰሩ ባዶ ቦታ ላይ ይቀርና መርፌው ሊወርድ ይችላል። ሲግል የቆየ መኪና መርፌው በድንገት ቀዝቃዛው ጋ ከወረደ «እፎይ» አይባልም፤ የባሰ ነገር ነው።

ከሁሉም መብራት ጊዜ የማይሰጠው ግን የዘይቱ ነው። ጀበና የመሰለች ቀይ ምልክት ናት፤ ከአፏ ጠብታ ይንጠባጠባል። ይህች መብራት ዘይቱ ስንት ሊትር እንደሆነ አትናገርም። የምትናገረው ስለ ግፊት ነው። ዘይቱ በፓምፕ ተገፍቶ በቀጫጭን ቀዳዳዎች እያለፈ ክራንክ ሻፍቱና ብሮንዚኑ መካከል ይገባል፣ ብረትና ብረት እንዳይነካኩ የሚያደርገው ያ ስስ የዘይት ሽፋን ነው። መብራቷ የተያያዘችው ከግፊት መቀየሪያ ጋር ነው፤ መቀየሪያው በብዙ መኪና የሚነካው ግፊቱ ግማሽ ባር እንኳ በማይሞላበት ጊዜ ነው። እንግዲህ ቀድማ ታስጠነቅቃለች ማለት አይቻልም፤ ስትበራ ግፊቱ አልቋል። በዚያ ሁኔታ ብረት ከብረት ጋር ለመፋጨት ደቂቃዎች ይበቃሉ። መጀመሪያ ከታች የመቀጥቀጥ ድምፅ ይሰማል፣ ከዚያ ሞተሩ ይነክሳል።

ስለዚህ የዘይቱ መብራት ሞተሩ እየሠራ ከበራ ማርሹን ዜሮ አድርጉ፣ በቀረው ፍጥነት ዳር ያዙ፣ አጥፉ። ጎማዎቹ ሳይቆሙ ግን ቁልፉን አትንቀሉት፤ መሪው ይቆለፋል። መኪናው ሜዳ ላይ ከቆመ በኋላ ዘይቱ ወደ ታች እስኪወርድ አምስት ደቂቃ ያህል ጠብቁ። የመለኪያውን ዘንግ አውጥታችሁ ጥረጉት፣ መልሳችሁ እስከ መጨረሻው አስገቡት፣ ደግማችሁ አውጡና እዩ። ዘይቱ ከታችኛው ምልክት በታች ከሆነ ወይም ዘንጉ ደረቅ ከሆነ ትክክለኛውን ዘይት ግማሽ ግማሽ ሊትር እየጨመራችሁ በሁለቱ ምልክቶች መካከል አድርሱት። ከዚያ አስነሱት፣ ዓይናችሁን ከመብራቷ አትንቀሉ። በአምስት ሰከንድ ውስጥ ካልጠፋች መልሳችሁ አጥፉትና አስጎትቱት። ከጅምሩ ዘይቱ ሙሉ ሆኖ ካገኛችሁት ደግሞ ማስነሳት ራሱ አያስፈልግም፤ ፓምፑ ሊሆን ይችላል፣ ማጣሪያው ሊሆን ይችላል፣ መቀየሪያው ብቻም ሊሆን ይችላል። ግን የትኛው እንደሆነ የሚያውቀው በግፊት መለኪያ የለካ መካኒክ ነው። «መቀየሪያው ነው፣ ንዳው» የሚላችሁ ሰው ሳይለካ ከሆነ አትስሙት።

መብራቷ ኩርባ ላይ ወይም ቁልቁለት ላይ ብልጭ ብላ ከጠፋች ዘይቱ አንሶ ወደ አንድ ጎን እየሸሸ ነው፤ ያን ዕለት ለኩት። ሞተሩ በደንብ ከጋለ በኋላ በሚኒሞ ላይ ብቻ ብልጭ የምትል፣ ትንሽ ነዳጅ ሲሰጡት የምትጠፋ ከሆነ ደግሞ ዘይቱ በጣም ቀጥኗል ወይም ብሮንዚኑ አልቋል። አንዳንድ መኪና ያው ቅርጽ በቢጫ አለው፤ እሱ የሚለካው መጠኑን ነው፣ በአቅራቢያ ወዳለ ነዳጅ ማደያ ሄዶ ለመጨመር ጊዜ ይሰጣል።

ወደ ፍሬኑ ልመለስ፤ የእጅ ፍሬኑ ተለቆም ካልጠፋ ነገሩ ሌላ ነው። መኪናው ቆሞ ፔዳሉን ርገጡት። ጠንካራ ሆኖ ከላይ ከያዘ ብዙ ጊዜ ሸራው አልቆ የፍሬን ዘይቱ ወርዷል፤ ሸራ ሲሳሳ ዘይቱ ወደ ጎማዎቹ ስለሚሄድ ገንዳው ውስጥ ይቀንሳል። በቀስታ ጋራዥ መድረስ ይቻላል። ዘይት ሞልቶ መብራቱን ማጥፋት ግን የሸራውን ማለቅ መደበቅ ነው። ፔዳሉ ለስልሶ ወደ ታች ከወረደ ዘይት እያፈሰሰ ነው፣ መኪናው ከዚያ ቦታ አይነዳም። ቢጫው የኤቢኤስ መብራት ብቻውን ሲበራ የተለመደው ፍሬን ይሠራል፤ በድንገት ሲረገጥ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ክፍል ነው የተኛው። ኤቢኤሱና ቀዩ የፍሬን መብራት አንድ ላይ ከበሩ ግን የኋላ ጎማዎች በድንገት ተቆልፈው መኪናው ሊዞር ይችላልና ይህን ጥምረት እንደ ቀይ ቁጠሩት።

ቼክ ኢንጂን ቢጫ ስለሆነ የእህቴን ልጅ ጨምሮ ብዙ ሰው ለምዶት ይኖራል። ጸንቶ ከበራ፣ መኪናውም እንደ ወትሮው ከሄደ በዚያው ሳምንት በስካነር ማስነበብ ይበቃል። ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ግን ሌላ ነው። አንድ ሲሊንደር እሳት እየሳተ ያልተቃጠለ ነዳጅ ወደ ጭስ መውጫው እየሄደ ነው፤ እዚያ ያለው ማጣሪያ ካታሊስት ይባላል፣ ነዳጁ እሱ ውስጥ ሲቃጠል ውስጡን ያቀልጠዋል። ነዳጅ ቀንሱ፣ ዳገት አታስገድዱት፣ መንቀጥቀጡ ካልቆመ አቁሙት።

ስካነሩ የሚያወጣው ኮድ ራሱ ፍርድ አይደለም። ለምሳሌ P0301 «አንደኛው ሲሊንደር ይስታል» ይላል፤ ምክንያቱን አይልም። ካንዴላው፣ ኮይሉ፣ ነዳጅ የሚረጨው ኢንጀክተር፣ ሁሉም ሊሆኑ ይችላሉ። ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱ ኮይል ባለው ሞተር ላይ ጥሩ መካኒክ ዕቃ ከማስገዛቱ በፊት የአንደኛውን ኮይል ወደ ሁለተኛው ያዛውረዋል። ኮዱን አጥፍቶ ሲነዳው P0302 ከመጣ ጥፋቱ ኮይሉን ተከትሎታል፤ ኮይል ይገዛል። P0301 ከተመለሰ ኮይሉ ንጹሕ ነው፣ ካንዴላው ይታያል። ይህን ሳያደርግ አራቱንም ኮይል ቀይሩ የሚላችሁ በእናንተ ገንዘብ እየገመተ ነው።

የጎማ ነፋስ፣ የኤርባግ፣ የነዳጅ መብራቶች መንገድ ላይ አያስቆሙም። ኤርባጉ ግን ሲበራ በግጭት ጊዜ ላይከፈት እንደሚችል እየነገራችሁ ነው።

የቻይና ኤሌክትሪክ መኪና የሚነዱ አንባቢዎች «የኛ ጽሑፍ የሚያወጣው በቻይንኛ ነው» ይሉኛል። ቅርጹና ቀለሙ ያው ስለሆነ ጽሑፉን ሳያነቡም ብዙ ይታወቃል። ኤሊ የመሰለ ምልክት ኃይል ተቀንሷል ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ ባትሪው አንሶ ነው። የተለመደው ቀይ የባትሪ ሳጥን ምልክት ግን ትልቁን ባትሪ አይመለከትም፤ ትንሹ የ12 ቮልት ባትሪ እየተሞላ አይደለም ማለት ነው። ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖም ትንሹ ሲያልቅ መኪናው ሊጠፋ ይችላል።

ፎቶ የምትልኩ ሰዎች፣ መኪናው በደህና ቦታ ከቆመ በኋላ፣ የዘይት ወይም የሙቀት ቀይ መብራት ካልሆነ፣ ሞተሩን ከማጥፋታችሁ በፊት አንሱት። አንዱን ምልክት አቅርባችሁ አታንሱ፤ የዙሩና የሙቀቱ መርፌ ሁለቱም ይግቡ። ብልጭ ድርግም የሚል ነገር ካለ ፎቶ አያሳየውም፤ አሥር ሰከንድ ቪዲዮ ላኩ። ከሥሩም መሪው ከብዷል፣ ሸትቷል፣ ይንኳኳል የሚለውን ጻፉ። የዱከሙን ጉዳይ ከፎቶው እኩል የፈታው «መሪው ከበደኝ» የምትለዋ ቃል ናት።

አንድ ፎቶ ደግሞ አለ፤ ችግር ሳይኖር የሚነሳ፣ መኪና ለመግዛት ስትሄዱ። ቁልፉን ሞተር ሳታስነሱ ወደፊት አዙሩና ዳሽቦርዱን በዚያች ቅጽበት አንሱት። ቼክ ኢንጂኑና ኤርባጉ መብራት አለባቸው። ሁሉም በርቶ አንዱ ብቻ ጨለማ ከሆነ አምፖሉ ተነቅሏል ወይም ተሸፍኗል፤ ሻጩ ያን መብራት እንድታዩት አልፈለገም። ሁሉም ከበራ ስካነር ይዛችሁ ሂዱ። ኮድ የለም ቢልም የመኪናው የራስ ምርመራ ዝርዝር ላይ አብዛኛው ገና ያልተጠናቀቀ ከሆነ ኮዱ በቅርብ ጠፍቷል ወይም ባትሪው ተነቅሏል። እንዲህ ያለውን መኪና ከተማም አውራ ጎዳናም ላይ ጥቂት ቀን ተነድቶ እንደገና ሳይነበብ አትክፈሉበት።